ንግግርን በስልክ ቀድቶ ራስን ማረም፦ እንግሊዝኛ የሚለማመዱ የድሬና የሐረር ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ይህን የጻፍኩት እንግሊዝኛን ለሥራ ለሚፈልጉት ነው። ሐረር አስጎብኚ መሆን ለሚያስቡ፣ ድሬዳዋ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ለሚቀበሉ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ለሚዘጋጁ። አብዛኞቹ ቋሚ አስጠኚ የላቸውም፣ ያላቸውም በሳምንት አንዴ ቢያገኙት ነው። ስልክ ግን ሁሉም ኪስ ውስጥ አለ። እዚህ የምናየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሁለት ደቂቃ ንግግር ቀድቶ፣ በአራት መስመር መስፈርት ነጥብ ሰጥቶ፣ ከዚያ ውስጥ የሳምንቱን ሥራ ማውጣት።

ስለ ምን ላውራ? ለምን ያህል ጊዜ?

ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ካጠረ ስህተታችሁ ተደጋጋሚ ይሁን የአንድ ጊዜ መለየት አይቻልም። ከዚያ ከረዘመ ደግሞ ለማረም ትሰለቻላችሁ፣ ምክንያቱም የሁለት ደቂቃ ንግግር ቃል በቃል ወደ ወረቀት ማውረድ ብቻ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል።

ርዕሱ በሥራችሁ ላይ በእርግጥ የምትናገሩት ነገር ይሁን። «ስለ ራሴ» የሚለውን ተዉት፣ እሱን ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሸምድደነዋል፤ የተሸመደደ ነገር ደግሞ ችሎታችሁን አያሳይም። አስጎብኚ ለመሆን የምታስቡ ከሆነ ጀጎልን ለአንድ እንግዳ አስረዱ። እንግዳ መቀበያ ላይ ከሆናችሁ ክፍሉ ውሃ የለውም ብሎ ለመጣ እንግዳ መልስ ስጡ። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ውሰዱና አምስት ወይም ስድስት ቃል ማስታወሻ ያዙ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ።

ጽፌ ባነበውስ?

አይሆንም። ስታነቡ የሚሰማው የማንበብ ችሎታችሁ ነው። ሲያነቡ የተቀዳ ንግግር ያስታውቃል፦ ዝምታው ሁሉ ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ላይ ይወድቃል፣ ድምፁ ወጣ ገባ አይልም፣ «እእ» የሚባል ነገር የለም። ቁጥር ላይ ስትደርሱ ብቻ ትደናቀፋላችሁ፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ የጻፋችሁት በፊደል ሳይሆን በአኃዝ ነው።

የት ሆኜ ልቅዳ? ቤታችን ጸጥታ የለም።

ድሬ ላይ ዋናው ጠላት ባጃጅ ሳይሆን ቬንትሌተር ነው። ጆሯችሁ ለምዶት አትሰሙትም፣ ስልኩ ግን ይሰማዋል፤ በቅጂው ላይ ደግሞ «ስ» እና «ፍ» የመሳሰሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይሸፍናቸዋል። የእንግሊዝኛ ቃል መጨረሻ ላይ ያሉት ወሳኝ ድምፆች እነዚሁ ናቸው። «ጌት» ያላችሁት «ጌትስ» ይሁን አይሁን ሳታውቁ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ለሁለት ደቂቃ አጥፉት፤ ሙቀቱ ካስቸገረ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ቅዱ። ልብስ የተሰቀለበት፣ መጋረጃና ፍራሽ ያለበት ክፍል ከባዶ ሳሎን ይሻላል፣ ድምፅ አያስተጋባም። ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፣ ትንሽም ወደ ጎን አድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሻችሁ ይመታዋል።

ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የድምፅ መልእክት መላክ ይበቃል። ቀኑን ራሱ ስለሚይዝላችሁ በኋላ ለማወዳደር ይመቻል።

የራሴን ድምፅ መስማት ያስጠላኛል። እንዴት ልልመደው?

ስትናገሩ ድምፃችሁ በአየር ብቻ አይደለም ወደ ጆሯችሁ የሚደርሰው፣ በራስ ቅላችሁ አጥንት በኩልም ይደርሳል። አጥንቱ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያጎላ ለራሳችሁ ወፈር ብሎ ይሰማችኋል። ስልኩ የሚይዘው በአየር የሚሄደውን ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ሁልጊዜ የሚሰማችሁም እሱን ነው። የመጀመሪያውን ማዳመጥ ነጥብ ሳትሰጡ እንዲያው አሳልፉት። ሁለተኛው ላይ ጆሯችሁ ከድምፁ ወደ ንግግሩ ይሄዳል።

መስፈርቱ ምን ይመስላል?

አራት መስመር ነው።

- ፍሰት፦ የት ነው የምቆመው?
- ሰዋስው፦ ግሶቼ ልክ ናቸው?
- አነባበብ፦ ቃሉ ለሰሚው ያው ቃል ሆኖ ይደርሳል?
- ይዘትና ቅደም ተከተል፦ ሰሚው ከየት ወደ የት እንደምሄድ ያውቃል?

ለእያንዳንዱ መስመር ከ1 እስከ 4 ነጥብ አለ። ትርጉሙም ለአራቱም አንድ ነው። 1 ማለት ሰሚው ይጠፋበታል። 2 ማለት ይገባዋል፣ ግን ይደክመዋል። 3 ማለት ሳይደክም ይገባዋል፣ ስህተቱ ቢሰማውም። 4 ማለት ስህተት ለማግኘት ሆን ብሎ መፈለግ አለበት።

5 የሌለው በምክንያት ነው። መካከለኛ ቁጥር ካለ ሁላችንም እሱ ላይ እንቀመጣለን። 4 ደረጃ ሲሆን ግን በ2 እና በ3 መካከል መወሰን ግድ ይላል። ውሳኔውም አንድ ጥያቄ ነው፦ እዚህ ቦታ ላይ እንግዳው «ይቅርታ፣ ምን አልክ?» ይል ነበር ወይ?

አራቱን አትደምሩ። አሥር ከአሥራ ስድስት ማለት ምንም አይነግራችሁም። ፍሰቱ 1 የሆነና ሰዋስው 1 የሆነ ሁለት ሰው እኩል ድምር ሊያመጡ ይችላሉ፣ የሚያስፈልጋቸው ሥራ ግን ለየቅል ነው።

ነጥቡን በስሜት እንዳልሰጥ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ቁጠሩ፣ ነጥቡን ከዚያ በኋላ ስጡ። ይህን ካልያዛችሁ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። በተለይ ሰው ራሱን ሲያርም ወይ ይጨክናል ወይ ይራራል፣ እንደ ቀኑ ሁኔታ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በቀዳችሁበት ቀን አታርሙ፣ አሳድሩት። ያኔውኑ ካዳመጣችሁ የምትሰሙት ያላችሁትን ሳይሆን ልትሉ የፈለጋችሁትን ነው፣ ጭንቅላታችሁ የጎደለውን ይሞላላችኋል። በማግስቱ ቃል በቃል ጻፉት፣ «እእ» እና ድግግሞሹም ሳይቀር፣ ምንም ሳታስተካክሉ። አንድ ሰከንድና ከዚያ በላይ ዝም ያላችሁበት ቦታ ሁሉ ላይ ጭረት አድርጉ። ሰዓት አያስፈልግም፣ በልባችሁ «አንድ ሺህ አንድ» ማለት ከቻላችሁ አንድ ሰከንድ ሆኗል። ከዚያ በአንድ ማዳመጥ አንድ መስመር ብቻ አርሙ። ፍሰትንና ሰዋስውን አንድ ላይ ለመስማት የሞከረ ሁለቱንም አይሰማም።

በምሳሌ አሳየኝ።

እሺ፣ እንበል አንዲት የድሬ ልጅ አስጎብኚ ልትሆን ትለማመዳለች። ርዕሷ ጀጎል ነው፦ ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ፣ ከአሚር ኑር ጋር ስሙ እንደሚነሳ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች እንዳሉት፣ በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዩኔስኮ እንደመዘገበው። ማስታወሻዋ ላይ ስድስት ቃል አለ። ሁለት ደቂቃ ተናገረች። በማግስቱ ጻፈችው፣ 168 ቃል ሆነ። በደቂቃ 84 ቃል ማለት ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች ተረጋግተው ሲያስረዱ ከ120 እስከ 150 አካባቢ ይላሉ፣ ስለዚህ ቀርፋፋ ነው። ግን ፍጥነቱ በራሱ ችግር አይደለም። እንግዳ ቀርፋፋ አስጎብኚን ይወዳል፣ የማይወደው የሚያቆራርጠውን ነው።

ስለዚህ ወደ ጭረቶቹ ሄደች። ረጅም ዝምታ 17 ቦታ አለ። ከነዚህ 6ቱ ዓረፍተ ነገር አልቆ ሌላ ሲጀመር ነው፣ ይሄ ጤናማ ነው፤ አፉን የፈታበትን ቋንቋ የሚናገር ሰውም እዚያ ላይ ይተነፍሳል። 11ዱ ግን ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ናቸው። ሰሚን የሚያደክመው ይህ ነው። ፍሰት 2 ሰጠች።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል፣ «ፍሰቴ ደካማ ነው፣ ብዙ ልናገር» ብሎ። እሷ ግን ከእያንዳንዱ ዝምታ ቀጥሎ የመጣው ቃል ምን እንደሆነ አየች። ከ11ዱ 8ቱ ላይ ቀጥሎ የመጣው ቁጥር ነው። ዓመተ ምሕረት፣ ክፍለ ዘመን፣ የበሮቹ ብዛት። ዓመቱን በአማርኛ ታስበዋለች፣ ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ ትቀይረዋለች፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ታመጣዋለች፤ ይህ ሁሉ ሲሆን እንግዳው አፏን እያየ ይጠብቃል። እንግዲህ ችግሯ ፍሰት በጠቅላላው አይደለም፣ ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ በአንድ ሳምንት የሚሠራ ሥራ ነው።

ሰዋስው ላይ ግሶቹን ብቻ ቆጠረች። ሁሉንም ስህተት ለመልቀም አልሞከረችም፣ ግስ ከተስተካከለ አብዛኛው ይስተካከላል። 26 ግስ አለ፣ 9ኙ ተሳስቷል። 6ቱ ያለፈ ጊዜ መሆን ሲገባቸው በአሁን የተነገሩ ናቸው፣ «ቢልት» በማለት ፈንታ «ቢልድ» እንደማለት። አንዱ «እሷ» ለማለት «ሺ» ብላ ጀምራ ግሱ ላይ «ስ» የረሳችበት ነው። እነዚህን ሰባቱን ራሷ ስታነብ አየቻቸው፣ ራሷም አስተካከለቻቸው። የቀሩት ሁለቱ ግን አልታዩዋትም፣ ልክ ናቸው ብላ አለፈቻቸው። እነሱን ያየው ሌላ ሰው ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። ሰዋስውም 2።

ለአነባበብ ራሷን አላመነችም። ከቅጂው ሃያ ሰከንድ ቆርጣ እንግሊዝኛ ለሚችል ጎረቤት ላከች፣ «የሰማኸውን ጻፍልኝ» ብላ፤ ርዕሱን አልነገረችውም። «በግንብ የተከበበች ከተማ» ለማለት «ዎልድ ሲቲ» ያለችውን እሱ «የዓለም ከተማ» ብሎ ጻፈው። «ሲክስቲንዝ» ያለችው ላይ ደግሞ መጨረሻው ጠፍቶ «ሲክስቲን» ሆኖ ደረሰው። ሌላው ሁሉ ልክ ነው። 3 ሰጠች። ቅደም ተከተሉም 3፣ ከግንቡ ወደ በሮቹ፣ ከበሮቹ ወደ ዩኔስኮ ተራ በተራ ሄዳለች።

የሳምንቱ ሥራ አንድ ብቻ ሆነ፦ በጉብኝቱ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች፣ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ብቻ፣ በቃል ማለት። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ ባጃጅ ውስጥም ቢሆን።

በሳምንቱ አዲስ ቅጂ ሠራች፣ በሌላ ርዕስ ግን ቁጥር ባለበት፦ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፣ ሐዲዱ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ እዚህ መድረሱ፣ ከተማዋም በዚያ ዙሪያ መቆርቆሯ። ረጅም ዝምታ 12፣ መሃል ላይ ያለው 5፣ ከቁጥር በፊት የመጣው 2። ፍሰት 3 ሆነ። የግሱ ስህተት ግን እንዳለ ነው። ይህ ሊያሳዝናት አይገባም፣ ግስ ላይ አልሠራችም።

ለምን ሌላ ርዕስ? ያንኑ ብደግመው መሻሻሌን አላይም?

ያንኑ ንግግር ስትደግሙት ሁልጊዜ ይሻላል፣ ቃላቱ አፋችሁ ላይ ስለቀሩ። ይህ ለልምምድ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም አንዱን ታሪክ በአራት ደቂቃ፣ ከዚያ በሦስት፣ ከዚያ በሁለት ደቂቃ መንገር የታወቀ የፍሰት መለማመጃ ነው። ለመለኪያ ግን አይሆንም። ነጥብ የምትሰጡት ንግግር ያልተደገመ መሆን አለበት፣ አለዚያ የምትለኩት የማስታወስ ችሎታችሁን ነው። ክብደቱ ግን ተመሳሳይ ይሁን፦ አንዱ ቦታ መግለጽ ከሆነ ሌላውም ቦታ መግለጽ፣ ማስታወሻውም ያው ስድስት ቃል፣ ሰዓቱም ያው ሁለት ደቂቃ።

አስጠኚ የለኝም። ምን ይቀርብኛል?

ሁለት ነገር ይቀርባችኋል፣ ሌላውን ራሳችሁ ትችሉታላችሁ።

አንደኛው፣ ስህተት መሆኑን የማታውቁት ስህተት ነው። ቅድም ያለፍናቸው ሁለት ግሶች እነዚህ ናቸው። ልጅቱ «ዘ ዎል ኢዝ ሂር ሲንስ…» ብላለች። አማርኛው «ግንቡ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚህ አለ» ነው፣ አማርኛችን ውስጥ «አለ» ፍጹም ትክክል ስለሆነ ጆሯችን ምንም አይቆረቁረውም። እንግሊዝኛው ግን እዚህ ላይ «ሃዝ ቢን» ይፈልጋል። መቶ ጊዜ ብታዳምጡት አይታያችሁም። ለዚህ ነው የጻፋችሁትን ስታነቡ ራሳችሁ የምታስተካክሉትን በአንድ ቀለም፣ ያጠራጠራችሁን በሌላ ቀለም ማስመር ያለባችሁ። ራሳችሁ ያስተካከላችሁት እውቀቱ አለ፣ የጎደለው ፍጥነት ነው፤ መናገር ይፈውሰዋል። ያጠራጠራችሁን የሰዋስው መጽሐፍ ከፍታችሁ ታዩታላችሁ። ያላጠራጠራችሁና የተሳሳተው ግን በሌላ ሰው ዓይን ብቻ ነው የሚገኘው።

ሁለተኛው አነባበብ ነው። አማርኛ ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ ደርድሮ ማለት አይወድም፣ ስለዚህ «ስትሪት» የሚለውን ብዙዎቻችን ከፊቱ «እ» ጨምረን «እስትሪት» እንላለን፣ መጨመራችንንም አንሰማም። ምላስ ጥርስ መሃል የሚገባበት የእንግሊዝኛ ድምፅም በእኛ አፍ «ዝ»፣ «ስ» ወይም «ት» ይሆናል። አጭሩና ረጅሙ «ኢ» አንድ ይሆኑብናል፣ ስለዚህ «እዚህ እኖራለሁ» ያላችሁት «እዚህ እለቃለሁ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል። እነዚህን በጆሮ ብቻ ማረም አይቻልም፣ ሰሚ ያስፈልጋል።

ታዲያ ሰሚ ከየት ላምጣ?

ድሬና ሐረር ያለ ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። አማርኛ አፉን የፈታ ጓደኛችሁ ስህተታችሁን አይሰማም፣ ያው እሱም «እስትሪት» ነው የሚለው። ሶማልኛ ወይም አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ፣ እንግሊዝኛ የሚችል ጎረቤት ፈልጉ። የእሱ የአነባበብ ልማድ ከእናንተ ይለያል፣ እናንተ በልማድ የምታልፉት ቦታ ላይ እሱ ይደናቀፋል። መጋላ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እናንተም ለእሱ እንደዚያው ታገለግሉታላችሁ።

አሠራሩ ቅድም ያየነው ነው፦ ሃያ ሰከንድ ላኩለት፣ ርዕሱን አትንገሩት፣ የሰማውን ይጻፍ። «አነባበቤ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ «አሪፍ ነው» ይላችኋል።

ከጓደኛዬ ጋር እየተራረምን ነው፣ ግን ሁልጊዜ 3 እና 4 ነው የምንሰጣጠው።

ይሉኝታ ነው። ቡና እያጠጣችህ ያለች ልጅ ፊት ቁጭ ብሎ 1 መስጠት ለማንም ይከብዳል። መፍትሔው ጓደኛን ነጥብ አለማሰጠት ነው። ጓደኛ ይቁጠር ብቻ። አንዱ የሌላውን ዝምታ ይቁጠር፣ አንዱ የሌላውን ግስ ያስምር፣ ውጤቱን እንደ ቁጥር ይስጥ፦ «አሥራ አንድ ቦታ ላይ ቆመሻል»። ቁጥር ማንንም አያስቀይምም። ነጥቡን ባለቤቱ ራሱ ይስጥ።

አስጠኚ አለኝ። ቅጂውን እንዴት ልጠቀምበት?

ሙሉውን ልካችሁ «እርምልኝ» አትበሉ። በሰዓት የምትከፍሉት ሰው ከሆነ ገንዘባችሁ በማዳመጥ ያልቃል፣ በነፃ የሚያግዛችሁ ከሆነ ደግሞ ይሰለቻችኋል።

መጀመሪያ ራሳችሁ አርሙ፣ ነጥባችሁን ጻፉ፣ ግን ለእሱ አታሳዩት። ያንኑ መስፈርት ስጡትና ሠላሳ ወይም አርባ ሰከንዱን ብቻ ለብቻው ያርም፤ የትኛውን እንደሆነ እናንተ ምረጡ፣ በጣም ያጠራጠራችሁን። ከዚያ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጉ። በአንድ ነጥብ ብትለያዩ ተዉት፣ ሁለት አስተማሪም በአንድ ነጥብ ይለያያል። በሁለት ነጥብ ከተለያያችሁ ግን የትምህርቱ ሰዓት እዚያ ላይ ይዋል። እናንተ 3 ብላችሁ እሱ 1 ካለ፣ የማትሰሙት ነገር አለ ማለት ነው፤ ቦታውን ያሳያችሁ፣ ያንኑ ሰከንድ ደጋግማችሁ አዳምጡ። እናንተ 1 ብላችሁ እሱ 3 ካለ ደግሞ በራሳችሁ ላይ ጨክናችኋል፣ ይህም ዋጋ ያስከፍላል፣ ምክንያቱም የማያስፈልግ ነገር ላይ ሳምንት ልታጠፉ ነበር።

ይህን ጥቂት ጊዜ ካደረጋችሁት ነጥባችሁና ነጥቡ መቀራረብ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ አስጠኚውን በየሳምንቱ ሳይሆን አልፎ አልፎ ብቻ ለማመሳከሪያ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ለኪስም ይረዳል።

አስጠኚው ገና ስትጀምሩ እያቋረጠ የሚያርም ከሆነ በትሕትና «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ደቂቃ ልጨርስ» በሉት። በየቃሉ የሚቋረጥ ንግግር ፍሰቱ አይለካም፣ ዝምታው የማን እንደሆነም አይታወቅም።

ለአይኤልትስ ይጠቅመኛል?

ለመዘጋጀት አዎ፣ ውጤት ለመተንበይ አይ። የአይኤልትስ የንግግር ፈተና ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ደቂቃ ተዘጋጅታችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ትናገራላችሁ፣ ስለዚህ የእኛ ሁለት ደቂቃ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል። ፈታኙም አራት መስፈርት ነው የሚጠቀመው፣ አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ግን እዚያ የቃላት ሀብት ራሱን የቻለ መስመር ነው፣ እኛ ይዘት ያልነው ቦታ ላይ። ደረጃውም እስከ 9 ነው። የእኛን 3 በሦስት አባዝታችሁ 9 አታድርጉት። ለፈተናው ከሆነ ይፋ የሆነውን የእነሱን መስፈርት አውርዳችሁ በእሱ አርሙ፣ የመቁጠሩ አሠራር ግን እንዳለ ይሠራል።

በየስንት ጊዜ ልቅዳ?

መቅዳት በፈለጋችሁት ቀን። ማረም በሳምንት አንዴ። በየቀኑ ያረመ ሰው ለመለማመድ ጊዜ አያገኝም፣ ለውጡም በአንድ ቀን አይታይም።

ነጥቤ ከፍ ብሎ ነበር፣ ድንገት ወረደ። ለምን?

መጀመሪያ ርዕሱን ተመልከቱ። ስለ ከፊራ ገበያ ስትናገሩ የነበራችሁ ሰዎች ስለ ደመወዝ ድርድር ብትናገሩ ዝምታው መብዛቱ አይቀርም፣ ቃላቱ አዲስ ናቸው። ቀጥሎ ግሱን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ ሰው ያለፈ ጊዜ ላይ መሥራት ሲጀምር ግሱ ይስተካከላል፣ ፍሰቱ ግን ይወርዳል፣ እያሰበ ስለሚናገር። ሰዋስው ከ2 ወደ 3 ወጥቶ ፍሰት ከ3 ወደ 2 ከወረደ ሥራው እየሄደ ነው፣ አትቀይሩት፣ ሁለት ሳምንት ጨምሩበት። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ግን ርዕሱ ከብዷል ወይም ደክሟችኋል። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት የተቀዳን ቅጂ ከጠዋቱ ጋር አታወዳድሩ፤ ሰዓቱን አንድ አድርጉት።

የድሮ ቅጂዎቼን ላጥፋ?

የመጀመሪያውን አስቀምጡ፣ ከእሱ በኋላ ከየወሩ አንድ። ሌላው ይጥፋ፣ ስልኩም ይተንፍስ። ወረቀቱን ግን አትጣሉ፤ ጭረቱና ቁጥሩ ያለበትን ማለቴ ነው። ከቅጂው ይልቅ ደጋግማችሁ የምትመለሱበት እሱ ነው፣ በተለይ ከየትኛው ዓይነት ቃል በፊት እንደምትቆሙ የጻፋችሁበት መስመር። እውነተኛ እንግዳ ስታስጎበኙ መቅዳት ከፈለጋችሁ ደግሞ መጀመሪያ አስፈቅዱት። ከፈቀደም በኋላ የራሳችሁን ድምፅ ብቻ አርሙና የእሱ ድምፅ ያለበትን አጥፉት፣ ለማንም አትላኩት።